የክፍል ውይይት ጥያቄዎች፦ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል እና የሰበር መዝገብ ቁጥር 21448

ለሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪዎች፣ ሐዋሳ

ውሳኔውን ሁለት ጊዜ አንብባችሁ ኑ። መጀመሪያ ታሪኩን ለመረዳት፣ ቀጥሎ እስክሪብቶ ይዛችሁ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ ነው። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ካልተደረገ አይጸናም ይላል። የክርክሩ ሥር የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለት ድንጋጌዎች ናቸው። ቁጥር 2877 የሚያነሳው ጽሑፍን ብቻ ነው። ቁጥር 1723 ደግሞ ምዝገባን ይጨምራል። ከነሱ ጋር ቁጥር 1719፣ 1720፣ 1808፣ 1815 እና 1817ን አንብቡ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል። ፈተና ሳርም ደጋግሜ የማየው መልስ “ፍሬ ነገሩ ስለሚለያይ ውሳኔው አይሠራም” ብሎ ያቆማል። ይህ ገና ግማሽ መልስ ነው። ሁለት ጉዳዮች በፍሬ ነገር አንድ ሆነው አያውቁም። ዋጋው ይለያል፣ ሰፈሩ ይለያል፣ ሻጩ ይለያል። ዋናው ጉዳይ ልዩነቱ ችሎቱ የሰጠውን ምክንያት ይነካል ወይስ አይነካም የሚለው ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ መልሳችሁ ውስጥ “ይህ ልዩነት ለውጥ የሚያመጣው…” ወይም “ለውጥ የማያመጣው…” ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር እፈልጋለሁ። እሱ ከሌለ መልሱን አልቀበልም።

ታሪኮቹ ለትምህርት የተፈጠሩ ናቸው። ከ21448 በኋላ የተሰጡ የሰበር ውሳኔዎችን የምታውቁ ትኖራላችሁ። እስከ ጥያቄ 6 ድረስ ወደ ጎን አድርጓቸው። በዚህ አንድ ውሳኔ ብቻ ተከራከሩ።

1. ችሎቱ የወሰነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ ያንኑ ውሳኔ እንደገና ሁለት ጊዜ ጻፉት፦ አንዴ በተቻለ መጠን አጥብባችሁ፣ አንዴ አስፍታችሁ። ጠባቡ የቤት ሽያጭን ብቻ ይያዝ። ሰፊው እስከ የት ሊሄድ ይችላል? ስጦታን ይጨምራል? የአላባ ጥቅምንስ? ከሐተታው ውስጥ ያለ እሱ ውሳኔው የማይቆምበትን አንቀጽ አስምሩበት። ቢወጣም ውሳኔው የማይናጋበትን ሌላ አንቀጽ ደግሞ ምረጡ።

2. ይህ የዛሬው ዋና ጥያቄ ነው። ጊዜ ስጡት።

በታቦር ክፍለ ከተማ አንድ ገዢ በ2009 ዓ.ም. ቤት በ850,000 ብር ይገዛል። ውሉን ደላላው ባመጣው ወረቀት ላይ በእጅ ይጽፉታል። ሻጭና ገዢ፣ ሦስት ምስክሮችም ይፈርማሉ። ሻጭ ብሩን ተቀብሎ ቁልፉን ያስረክባል። ካርታው ግን በሻጭ ስም ይቀራል፤ “ስም እናዞራለን” እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። ገዢው ግቢው ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ይሠራል። የቤት ዋጋ ሲንር ሻጭ በ2016 ዓ.ም. “ውሉ ስላልተመዘገበ ይፍረስልኝ፣ ቤቴን ይልቀቅልኝ” ብሎ ይከሳል። ዳኛው ሲጠይቀው እንዲህ ይመልሳል፦ “አዎ፣ ፊርማው የእኔ ነው። ብሩንም ተቀብያለሁ። ግን ሕጉ ይመዝገብ ይላል።”

ሀ. ለሻጭ ቆማችሁ ተከራከሩ። 1720 ፎርሙ ካልተጠበቀ ያለው ረቂቅ ብቻ ነው ይላል። ረቂቅን ማመን ረቂቁን ውል ያደርገዋል?

ለ. ለገዢ ቆማችሁ ተከራከሩ። የምዝገባ ዓላማ ምንድን ነው ትላላችሁ? ዓላማው ክህደትን መከላከል ብቻ ከሆነ፣ ባልተካደ ውል ላይ ምን ሥራ ይቀረዋል? ሦስተኛ ወገኖችን መጠበቅም ከሆነስ? ችሎቱ ከሁለቱ የትኛውን ዓላማ ነው ያነሳው? ገጹንና አንቀጹን ጥቀሱ። በራሳችሁ ግምት ዓላማ አትፍጠሩለት።

ሐ. ሰርቪሶቹን አውጡና ታሪኩን እንደገና አንብቡት። መልሳችሁ ተቀየረ? ከተቀየረ ያስቀየራችሁ የሕግ ምክንያት ነው ወይስ ለገዢው ማዘናችሁ? ማዘን ክፋት የለውም፤ ግን ለዳኛ የሚቀርብ ክርክር እንዲሆን በአንድ የሕግ ቁጥር ላይ መቆም አለበት። 1817ን እዚህ ጋ ሞክሩት።

3. ያው ታሪክ ነው፤ ሻጭ ግን ሞቷል። የሚከሱት ልጆቹ ናቸው። “አባታችን መሸጡን አናውቅም፣ ፊርማውንም አንለይም” ይላሉ። በጥያቄ 2 ለገዢ ያቀረባችሁት ክርክር አሁንም ይቆማል? አንድ ቡድን “ልጆቹ በአባታቸው ቦታ የተተኩ ናቸው፤ ስለዚህ እሱ ሊል የማይችለውን እነሱም አይሉም” ይላል። ሌላው ቡድን “ያመነው አፍ ከሌለ ተመልሰን 21448 ውስጥ ነን” ይላል። አንዱን ምረጡና የሌላውን ጠንካራ ነጥብ ሳትሸሹ መልሱለት።

4. ውሉ ቀበሌ ተወስዶ ሊቀመንበሩ ፈርሞ ማኅተም አድርጎበታል። ተዋዋዮቹ በቅን ልቦና “ተመዝግቧል” ብለው ያምናሉ። ውሳኔውን የሚለየው የቱ ነው? ማኅተሙ፣ እምነታቸው ወይስ የቀበሌው ሥልጣን? በአጭሩ መልሱ።

5. በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 639 ከባንኮችና ከአነስተኛ የፋይናንስ ተቋማት ጋር የሚደረጉ የመያዣ ውሎችን ከ1723 ምዝገባ ነፃ አድርጓል። ውሳኔው በ1999፣ አዋጁ በ2001። ሕግ አውጪው 1723ን ሲነካ ስለ ቤት ሽያጭ ዝም ማለቱ ምን ያሳያል? “ዝም ካለ ተስማምቷል” የሚለው ክርክር ደካማ ጎኑ የት ላይ ነው? ይህ ፍሬ ነገርን መለየት ሳይሆን በሕግ ልዩ ሁኔታ መፍጠር መሆኑን ልብ በሉ። ሁለቱን አታምታቱ።

6. ውሉ ላይ “ያፈረሰ 100,000 ብር ይከፍላል” የሚል ቃል አለ። ገዢው ቤቱን ትቶታል። የሚጠይቀው የከፈለውን ብርና ይህን ገደብ ነው። ብሩ በ1815 መመለሱ ብዙም አያከራክርም። ገደቡስ? 21448 ስለዚህ የወሰነው ነገር አለ? ውሳኔው ዝም ባለበት ቦታ ላይ “አስገዳጅ ነው” ማለት ይቻላል?

7. አሁን ወደ ጎን ያደረጋችኋቸውን ውሳኔዎች መልሱ።

ራሳችሁን በሐዋሳ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ አድርጉ። የጥያቄ 2 መዝገብ ጠረጴዛችሁ ላይ ነው። ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የተሰጠ የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ነው። አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይህንኑ አስቀጥሏል። ሰበር ራሱ በሌላ ጊዜ የተለየ ትርጉም ሊሰጥ ይችላል። እናንተ ግን አትችሉም። “ውሳኔው ትክክል አይደለም” የሚለው መንገድ ዝግ ነው። ክፍቱ መንገድ “ውሳኔው ይህን ጉዳይ አይሸፍንም” የሚለው ነው፤ እሱም በእውነት ካልሸፈነ ብቻ።

ሐተታውን ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ ጻፉ። ጭብጡን መሥርቱ፣ ውሳኔውን በትክክል ግለጹት፣ ተከተሉት ወይም ለዩት። ከለያችሁት፣ የተሸነፈው ወገን ይግባኝ ሲል የሚያነሳውን የመጀመሪያ ነጥብ አስቡና እዚያው መልሱለት። ከተከተላችሁት ደግሞ ገዢው በራሱ ገንዘብ የሠራቸው ሁለት ክፍሎች ምን እንደሚሆኑ ሳትወስኑ መዝገቡን አትዝጉ።