ፎቶው ላይ ያለው ሰርኪዩት፦ ከአራት ጌት ወደ አንድ ቺፕ

ሰርኪዩቱን አቃልለሽ ብሬድቦርድ ላይ ለመሥራት ፎቶውን ልከሽልኛል፤ ግቤቶቹ A፣ B እና C፣ ውጤቱ F ነው። በላክሽው ፎቶ የግራው በኩል ጥላ አርፎበታል፤ ስህተት የሚገባውም እዚያ ነው። የላይኛው ጌት G1 ጫፉ ላይ ትንሽ ክብ አለችው፤ አጉልተሽ ካላየሻት የወረቀት እድፍ ትመስላለች። እሷ ከተዘለለች ናንዱ ተራ ኤንድ ሆኖ ይነበብና መልሱ (ABC)' ይወጣል፤ ከስምንቱ ረድፍ ሰባቱ 1 ይሆናሉ።

የC መስመር የBን ሲያቋርጥ ጥቁር ነጥብ ስለሌለ አልተገናኙም። A ላይ ግን ነጥብ አለ፤ ወደ G1ም ወደ ኢንቨርተሩም ይሄዳል። ከኢንቨርተሩ የወጣው A' ከC ጋር ኦር ጌቱ G2 ውስጥ ይገባል። የG1ንና የG2ን ውጤት ተቀብሎ Fን የሚያወጣው የመጨረሻው ጌትም ናንድ ነው።

```
F = ((AB)'·(A'+C))'
  = AB + (A'+C)'
  = AB + AC'
  = A(B+C')
```

ሁለተኛውና ሦስተኛው መስመር የዴሞርጋን ሕግ ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛው ላይ ነው፦ (A'+C)' ሲፈታ ፊደሎቹን ይገለብጥና ድምሩን ወደ ብዜት መቀየር ይረሳል። ያኔ A+C' ያገኛል፤ ሦስቱም ግቤቶች 0 ሲሆኑ F 1 ይሆንበታል። ሰንጠረዡ ወዲያው ያጋልጠዋል። ሰንጠረዡን ከተቃለለው ሳይሆን ከፎቶው ጌቶች ሙይው፤ ካልሆነ የራስሽን ስህተት በራስሽ ስህተት ነው የምታረጋግጪው።

```
A B C | G1 G2 | F
0 0 0 |  1  1 | 0
0 0 1 |  1  1 | 0
0 1 0 |  1  1 | 0
0 1 1 |  1  1 | 0
1 0 0 |  1  0 | 1
1 0 1 |  1  1 | 0
1 1 0 |  0  0 | 1
1 1 1 |  0  1 | 1
```

A 0 በሆነበት ሁሉ F 0 ነው፤ A(B+C') የሚለውም ይህንኑ ነው።

ለወረቀት መልስ የተቃለለው ሰርኪዩት ሦስት ጌት ነው፦ C ኢንቨርተር ውስጥ ይገባል፣ ውጤቱ ከB ጋር ኦር ይደረጋል፣ ያ ደግሞ ከA ጋር ኤንድ። ብሬድቦርድ ላይ ግን ይህ አያዋጣም፤ ሦስቱ ጌቶች ሦስት ዓይነት ስለሆኑ 74HC04፣ 74HC32 እና 74HC08 ሊገዛ ነው። AB+AC' ላይ ብታቆሚ በአራት ናንድ ያልቃል፤ አንድ 74HC00 ውስጥ ያሉት ደግሞ ልክ አራት ናቸው። ከታች ያሉት ቁጥሮች የቺፑ ፒኖች ናቸው።

```
C      -> 4, 5    6  = C'
A, B   -> 1, 2    3  = (AB)'
A, C'  -> 9, 10   8  = (AC')'
3, 8   -> 12, 13  11 = F
+5V    -> 14      GND -> 7
```

ፒን 11ን በ470 ኦም ሬዚስተር በኩል ከኤልኢዲ ጋር አገናኚው፤ የኤልኢዲው ሌላኛው እግር ግራውንድ ላይ ይሁን። ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ሲዘጉ +5V ይሰጣሉ፤ ክፍት ሲሆኑ ግቤቱ እንዳይንሳፈፍ ከA፣ ከB እና ከC እያንዳንዱ በ10 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ ይያዝ። ይህ ከቀረ መብራቱ እጅ ሲጠጋው ይበራል ይጠፋል።

ስትፈትሺ በ101 ጀምሪ፤ መብራቱ መጥፋት አለበት። ከበራ መጀመሪያ ከፒን 6 ወደ ፒን 10 የሚሄደውን ሽቦ እዪ።