ስብ፣ ስኳርና ኮሌስትሮል፦ የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ፣ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት

ለመምህሩ፦ በዋዜማው የፓልም ዘይትና የሱፍ ዘይት በሁለት ብልቃጥ ቀድተው ቀዝቃዛ ቦታ ያሳድሩ። ፓስቲ፣ ነጭ ወረቀት፣ ስኳር፣ የሻይ ማንኪያና ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ይያዙ። ትምህርቱ ጠዋት ቢሰጥ ይሻላል፤ ቀኑ ሲሞቅ የረጋው ዘይት ይቀልጣል።

ልጆች፣ ብልቃጦቹን ዘንበል አድርጋችሁ እዩ። የሱፉ ይፈስሳል፤ የፓልሙ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ ነው። ቅቤም የሚረጋው ይህ ስብ ስለሚበዛበት ነው።

አሁን ፓስቲውን ወረቀቱ ላይ አስቀምጡና ጫን በሉት። ወረቀቱን ያራሰው ከላይ የቀረው ዘይት ብቻ ነው፤ ወደ ውስጥ የገባውን አናየውም። ዘይቱ 170 ዲግሪ ገደማ ሳይደርስ ሊጥ ከተጨመረበት፣ ወይም ብዙ ሊጥ አንዴ ገብቶ ካቀዘቀዘው፣ ቅርፊቱ ቶሎ ስለማይደርቅ ፓስቲው ብዙ ዘይት ይጠጣል። አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ስኳር 4። ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ደግሞ ይጠቁራል፣ አረፋ ያወጣል፣ ቶሎ ይጨሳል። እንዲህ የሆነ ዘይት ተበላሽቷል፤ አዲስ ዘይት ቢጨመርበትም አይድንም፣ ይደፋ።

ኮሌስትሮል ራሱ መርዝ አይደለም። ጉበታችን ያመርተዋል፤ ለሴል ሽፋን፣ ለሆርሞንና ለቫይታሚን ዲ መሥሪያ ያስፈልጋል። በደም ስለማይሟሟ ተሸካሚ ይፈልጋል። ኤልዲኤል ወደ ሰውነት ክፍሎች ያደርሰዋል፤ ሲበዛ የደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ይጠራቀማል። ኤችዲኤል ትርፉን ወደ ጉበት ይመልሳል። ሳቹሬትድ ስብ ስናበዛ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የማንሳት አቅሙ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «የጾም ሳምቡሳ ነው፣ ኮሌስትሮል የለውም» ይባላል። እውነት ነው፤ ኮሌስትሮል በብዛት የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ ነው። በፓልም ዘይት የተጠበሰ ከሆነ ግን የገዛ ደማችን ውስጥ ያለውን ኤልዲኤል ከፍ ያደርገዋል። ጀሪካን ላይ «ኮሌስትሮል የሌለው» የሚለው ጽሑፍ ስለዚህ ብዙም አይነግረንም።

ለስላሳውስ? ስብ የለውም። አንድ ተማሪ ይውጣና ስኳሩን ይስፈር፦ በ100 ሚሊ ሊትር 10.6 ግራም ስኳር ካለው፣ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 32 ግራም ገደማ ይይዛል፤ ማንኪያው 4 ግራም ቢሆን 8 ማንኪያ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የሚመክረው ጣሪያ 50 ግራም ነው፤ ከ25 በታች ቢሆን ይመርጣል። ጉበት የተረፈውን ስኳር ትራይግሊሰራይድ ወደሚባል ስብ ይቀይረዋል። ፓስቲ በለስላሳ ስንበላ ጉበታችን ላይ በሁለት በኩል እንጭንበታለን። በእረፍት ሰዓት ውኃ ይዛችሁ ብትወጡ አንዱ ሸክም ይቀራል፤ ከፓስቲው ይልቅ ቆሎ ወይም ሙዝ ብትይዙ ሁለተኛውም።

የቤት ሥራ፦ ቤታችሁ ያለው ዘይት ከምን እንደተሠራና በ100 ግራም ስንት ግራም ሳቹሬትድ ስብ እንዳለው ከጀሪካኑ ላይ ጻፉ። መጠኑ ካልተጻፈ የተክሉን ስም ብቻ አምጡ።