ስለ ይርጋጨፌ ቡናዎ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ደንበኛችን፤

ትናንት ማታ የላኩልንን መልእክትና ፎቶ አይቻለሁ። ለእሑዱ ክርስትና ቡናውን እንግዶች ፊት ሊቆሉ አስበው ሦስቱም ኪሎ ተፈጭቶ ሲመጣ እንደሚያናድድ ይገባኛል። ጭሱ ቤቱን ሳይዞር ምን ቡና አለ?

ትዕዛዙን መልሼ አየሁት። «ይርጋጨፌ 2 ኪሎ፣ ሐረር 1 ኪሎ የተፈጨ» ይላል። እርስዎ እንዲፈጭ የፈለጉት ሐረሩን ብቻ ነበር፤ እኛ ለሁለቱም ወሰድነው። ጽሑፉ በሁለቱም መንገድ ይነበባል። እንዲህ ሲያጋጥመን ደውለን መጠየቅ ነበረብን፣ አልደወልንም። ለዚህ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

2 ኪሎ ጥሬ ይርጋጨፌ ዛሬ ጠዋት ተለቅሞ ተመዝኗል። ነገ ዓርብ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ሞተረኛችን ቤትዎ ድረስ ያመጣልዎታል። ለቡናውም ለማድረሻውም ምንም አይከፍሉም። የተፈጨውን ይርጋጨፌ መመለስ አያስፈልግም፣ ለቤት ይሁንልዎ። ብቻ አየር በማያስገባ ዕቃ ይክደኑት፤ የተፈጨ ቡና ሽታው ቶሎ ይጠፋል።

የማዘዣ ቅጹንም አስተካክለናል። አሁን ከእያንዳንዱ ቡና ጎን «ጥሬ»፣ «የተቆላ» ወይም «የተፈጨ» የሚል መምረጫ አለው። ቀድሞውንም እንዲህ መሆን ነበረበት።

ነገ ከሰዓት በፊት ቤት ከሌሉ እዚሁ ላይ ይጻፉልኝ፤ ለቅዳሜ ጠዋት አደርገዋለሁ። ዋናው ከእሑድ በፊት እጅዎ መግባቱ ነው። ለልጁም እንኳን ደስ ያላችሁ!

ከአክብሮት ጋር፣
የትዕዛዝ ክፍል ኃላፊ