ሪቅ፦ የ90 ሰከንድ ቪዲዮ ስክሪፕት

ለማን፦ ባሕር ዳር ላይ ለምናገኛቸው ባለሀብቶች። ከስብሰባው በፊት በቴሌግራም ይላክላቸዋል፤ ብዙዎቹ ስልካቸው ላይ ነው የሚያዩት። ስለዚህ ጽሑፉ ተለቅ ይበል።
ቀረጻ፦ መራዊ ከተማና አጠገቧ ያለ አንድ የሜጫ ቀበሌ።
ተናጋሪዎች፦ መሥራቿ እና አንድ ደንበኛችን የሆኑ ገበሬ።

0፡00–0፡08

ምስል፦ መዳፍ፣ በጣም ከቅርብ። መዳፉ ላይ አምስት ስድስት የበቆሎ ፍሬ። አውራ ጣት አንዷን ሲጫናት ትፈረካከሳለች። ዱቄቱ ይቦናል፣ ከውስጡ አንድ ነቀዝ ወጥቶ በጣቶቹ መሃል ይሄዳል። ሙዚቃ የለም።

መሥራቿ (ድምፅ ብቻ)፦ ይሄ በቆሎ ታኅሣሥ ላይ ጎተራ ሲገባ ደህና ነበር። ግንቦት ላይ እንዲህ ሆነ።

0፡08–0፡26 ችግሩ

ምስል፦ ገበሬው ጎተራቸው አጠገብ ቆመዋል። ካሜራው አይንቀሳቀስ። ከኋላ ዶሮ ቢያልፍ፣ ልጅ ቢጮህ ችግር የለውም።

ገበሬው፦ ነቀዙን እፈራለሁ፤ የማዳበሪያ ዕዳም አለብኝ። ታኅሣሥ ላይ አውጥቼ እሸጠዋለሁ። ክረምት ሲገባ ያንኑ በቆሎ ለቤቴ ቀለብ በውድ እገዛለሁ።

ምስል፦ መሥራቿ የመራዊ እህል ተራ ውስጥ። አጠገቧ ኩንታል ሚዛን ላይ ይወጣል።

መሥራቿ፦ አምና በያዝነው መዝገብ፣ ታኅሣሥ ላይ 3,200 ብር የነበረው ኩንታል ሐምሌ ላይ 4,300 ገባ። ያን 1,100 ብር ገበሬው አላየውም።

በስክሪኑ፦ ታኅሣሥ 3,200 → ሐምሌ 4,300

0፡26–0፡50 መፍትሔው

ምስል፦ ደረቅ ጠርሙስ። ጨው ይገባል፣ በቆሎ ይገባል፣ ክዳኑ ይጠበቃል፣ ይናጣል። ጨዉ ጠርሙሱ ላይ ሳይጣበቅ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን አታሳጥሩት፤ ሦስት ሰከንድ ሙሉ ይታይ። ከዚያ ከረጢቱ፦ የውስጡ ላስቲክ ተጠምዝዞ ይታሰራል፣ ሁለተኛው ላስቲክ ይታሰራል፣ በመጨረሻ የላዩ ማዳበሪያ።

መሥራቿ፦ ሪቅ የገበሬውን እህል ተቀብሎ ያስቀምጣል። መጀመሪያ መድረቁን እናያለን፤ ጨዉ ከተጣበቀ እህሉ ወደ ፀሐይ ይመለሳል። የደረቀውን አየር በማያስገባ ባለሦስት ድርብ ከረጢት እናስረዋለን። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት አንነሰንስም። አብሮን የሚሠራ የብድር ተቋም ደግሞ የእህሉን ዋጋ 40 በመቶ በቴሌብር ያበድራል። ገበሬው ዕዳውን ይከፍላል፤ በቆሎው የእሱ እንደሆነ ይቆያል።

በስክሪኑ (የገበሬው ስልክ ላይ የገባ መልእክት)፦ «ሪቅ፦ 8 ኩንታል በቆሎ ተረክበናል። 10,240 ብር ብድር ተልኮልዎታል። እናመሰግናለን።»

0፡50–1፡05 ገበያው

ምስል፦ ከመራዊ የሚወጣ እህል የጫነ አይሱዙ። ቀጥሎ ቀላል ካርታ፤ ሜጫ፣ ደቡብ አቸፈር፣ ቡሬ አንድ በአንድ ይበራሉ።

መሥራቿ፦ በምርት ብዛት ከአገራችን ሰብል በቆሎ አንደኛ ነው፤ በዓመት 100 ሚሊዮን ኩንታል ገደማ። እኛ የምንጀምረው ከራሳችን ጓሮ፣ ከጎጃም ነው። ክረምት ላይ ዱቄት ፋብሪካውም መኖ አምራቹም ያልነቀዘ በቆሎ ይፈልጋል። ከኩንታል 300 ብር እናስከፍላለን፤ ገበሬው የሚከፍለን ሲሸጥ ነው።

1፡05–1፡15 እስካሁን

ምስል፦ ሦስቱ መሥራቾች መጋዘን ውስጥ ከረጢት ሲደረድሩ። ለካሜራ ቆመው ፈገግ አይበሉ፤ ሥራቸውን ይሥሩ።

መሥራቿ፦ አምና 62 ገበሬዎች 380 ኩንታል አስቀመጡ። ዘንድሮ ከ400 በላይ ተመዝግበዋል። እኔ የሰብል ባለሙያ ነኝ። አንዱ ባልደረባዬ ሶፍትዌር ይሠራል፣ ሌላው እህል ነግዶ ያደገ ነው።

1፡15–1፡30 የምንጠይቀው

ምስል፦ መሥራቿ ካሜራውን ቀጥታ እያየች። ከኋላዋ ግማሹ ባዶ የሆነ መጋዘን።

መሥራቿ፦ 6 ሚሊዮን ብር እንፈልጋለን፤ በምትኩ 12 በመቶ ድርሻ እንሰጣለን። በዚህ ገንዘብ ሦስት መጋዘን ከፍተን 12,000 ኩንታል እንረከባለን። ገቢው 3.6 ሚሊዮን ብር ነው። ብሩ እስከ መስከረም ከገባ፣ ለዘንድሮው በቆሎ እንደርሳለን።

በስክሪኑ፦ ከረጢት 2.4 ሚሊዮን | መጋዘን ኪራይና ጥገና 2.1 ሚሊዮን | ሚዛን፣ ትራንስፖርትና ሥራ ማስኬጃ 1.5 ሚሊዮን

ከዚያ የሪቅ ምልክት፣ ከሥሩ «መራዊ፣ ጎጃም»።

ለቀራጩና ለአርታኢው

ድሮን ይቅር። የእርሻ ቪዲዮ ሁሉ ከሰማይ ነው የሚጀምረው፤ የእኛ ነገር መዳፍ ላይ ነው ያለው።

ገበሬው የሚሉትን በቃላቸው እንዳታስጠኗቸው። «አያ፣ በቆሎዎን መቼ ይሸጣሉ? ለምን?» ብላችሁ ጠይቋቸውና ተዉአቸው። ከላይ የጻፍኩት አምና የነገሩንን ነው፤ ዘንድሮ በሌላ አነጋገር ካሉት የእሳቸው ይሻላል። አነጋገራቸውን «ለማስተካከል» ማንም እንዳይሞክር። የእሳቸው ድምፅ ላይ ሙዚቃ አይግባ። ጠርሙሱ ሲናጥ ቀለል ያለ ማሲንቆ ሊጀምር ይችላል፤ ቀረርቶ ግን አደራ።

ነቀዝ ያለው በቆሎ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ከእኛ ከረጢት አይገኝም፣ ከገበያ ፈልጉ።

ከ90 ሰከንድ ካለፈ መጀመሪያ የሚወጣው ስለ ዱቄት ፋብሪካውና መኖ አምራቹ ያለው ዓረፍተ ነገር ነው። ቀጥሎ የመሥራቾቹ ሙያ። 300 ብሩ አይነካም፤ ባለሀብት በምን ገንዘብ እንደምናገኝ ካልሰማ ቀሪውን አይሰማም። መሥራቿም ለማዳረስ ብላ አትጣደፍ። መጣደፍ ካስፈለገ ቃል እንቀንሳለን።

ቪዲዮው ካለቀ በኋላ ለሚመጣው ጥያቄ

«ሐምሌ ላይ ዋጋው ባይጨምርስ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ አጭር ይሁን፦ ብድሩ 40 በመቶ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው። ዋጋው ባለበት ቢቆም እንኳ እህሉ ብድሩን ከነወለዱና የእኛን 300 ብር ይሸፍናል፤ ገበሬው ግን በመቆየቱ አያተርፍም። ይህን እህሉን ስንረከብም ለገበሬዎቹ እንነግራቸዋለን።

«አይጥስ?» የሚልም አይጠፋም፣ በተለይ ገጠር ያደገ ሰው። ከረጢቱ አይጥን አይከላከልም፤ ከተቀደደ አየር ይገባል፣ ነቀዙም ይመለሳል። ስለዚህ ከረጢቶቹን ከግድግዳ አርቀን እንጨት ርብራብ ላይ እንደረድራለን፣ የበሩን ሥር በቆርቆሮ እንዘጋለን፣ በየሳምንቱ እናያለን። ከመጋዘን ጥገናው ገንዘብ ብዙው የሚሄደው ለዚህ ነው። ከተጠየቃችሁ የቆርቆሮውን ፎቶ አሳዩ።

አንድ ከረጢት፣ አንድ ጠርሙስና ትንሽ ጨው ይዛችሁ ግቡ። ጠርሙሱን ለባለሀብቱ ስጡት፣ ራሱ ይናጠው።