ይቅርታ ለአንቺ፣ ለልጅሽ እና ወንበሬን ለያዘችው ድመት

ውድ ጓደኛዬ፣

ትናንት ማታ የላክሽልኝን ሁለት ፎቶግራፎች እስካሁን ደጋግሜ እያየኋቸው ነው። በመጀመሪያው ላይ ከአንቺ ትይዩ የተቀመጠ፣ ትራስ የተደረገለት ባዶ ወንበር አለ፤ ከሥሩም «ይህ ወንበር ከ9 ሰዓት ጀምሮ ሲጠብቅሽ ውሏል፤ ሰላም በይው» ብለሽ ጽፈሻል። በሁለተኛው ላይ ድመትሽ በዚያው ትራስ ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ የጻፍሽበትም ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ቦታሽ ተይዟል»። የመጀመሪያውን ሳይ ክው አልኩ፣ ሁለተኛውን ሳይ ሳቄ አመለጠኝ፤ ሳቄ ሲበርድ ግን በወንበሩ ጠርዝ በኩል በጀሶ የታሸገው እግርሽ ተዘርግቶ ታየኝና አንጀቴን በላው።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ቅዳሜ በ9 ሰዓት እመጣለሁ ብዬሽ ነበር፤ አልመጣሁም። የቀረሁት ታምሜ፣ እንግዳ መጥቶብኝ ወይም መንገድ ተዘግቶብኝ አይደለም፤ ረስቼ ነው። ሰበብ ፈልጌ ባቀርብልሽ ከቀረሁት ይልቅ እሱ ይከፋልና፣ የሆነውን እንደ ሆነው ልንገርሽ።

ማክሰኞ ማታ በስልክ አውርተን እንደ ጨረስን፣ ወዲያውኑ ስልኬ ላይ ማስታወሻ ሞላሁ። ቀኑን ቅዳሜ፣ ሰዓቱን 8 ሰዓት ተኩል አደረግሁት፤ ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ስልኩ ምን ብሎ እንዲያስታውሰኝ እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ ግን «እንዳትረሺ!» ብቻ ብዬ ጻፍሁ። በዚያች ደቂቃ ድምፅሽ ገና ከጆሮዬ አልወጣም ነበርና፣ እንዳልረሳው የተፈለገው ምን እንደሆነ መጻፍ ጨርሶ አስፈላጊ አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ልክ በ8 ሰዓት ተኩል ስልኩ አደራውን ተወጣ። ጮኸ፤ አነሣሁት፤ «እንዳትረሺ!» ይላል። ቤቱ መሀል ቆሜ ምኑን ብዬ አሰብሁ። ምድጃውን አየሁ፣ ጠፍቷል። ቧንቧውን አየሁ፣ ተዘግቷል። የመብራት ክፍያውን አስታወስሁ፣ ከፍያለሁ። በመጨረሻ በመስኮት ብመለከት ሰማዩ ጠቁሯል፣ የታጠበው ልብስ በሙሉ ደግሞ ገመድ ላይ ነው። «ይኸው ተገኘ!» ብዬ እየሮጥሁ ወጣሁ፤ የመጀመሪያው ጠብታ ከመውረዱ በፊት በመጨረሻ አንሶላውን ይዤ ገባሁ። ከዚያም ተቀምጬ አጠፍኋቸው፤ 14 ልብስ፣ አንድ አንሶላና ከ20 የማያንስ ካልሲ። ልብሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ካስገባሁ በኋላ ስልኬ ላይ «ተጠናቋል» የሚለውን ነክቼ በእፎይታ ተኛሁ። አንቺ በር በሩን በምታዪበት በዚያው ሰዓት እኔ አንዱን ካልሲ ከጥንዱ ጋር እያገናኘሁ ነበር ማለት ነው።

ይህን ስትሰሚ እንደምትስቂ አውቃለሁ፤ ሳቂም፣ ሳቅሽን ማሰቡ ራሱ ደስ ይለኛል። እኔን ያላስቀኝ ከዚያ በኋላ የጻፍሽልኝ ነው። ቁርጭምጭሚትሽ ከተሰበረ ወዲህ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን መምጣት ራሱን የቻለ ጉዞ እንደሆነብሽ ነግረሽኛል። ያንን ጉዞ በሁለት ክራንች ተጉዘሽ፣ ቀሚስ ለውጠሽ፣ ፀጉርሽን አበጥረሽ፣ ወንበሩን ራስሽ በክራንቹ ጫፍ እየገፋሽ ወደ መስኮቱ አስጠግተሻል። ልጅሽም ዝናቡ ሲጀምር «ዝናብ ይዟት ነው፣ ሲያባራ ትመጣለች» እያለች ስትከራከርልኝ ቆይታ፣ አባርቶም ስቀርባት ዝም አለች አልሽኝ። እኔን ያሳፈረኝ ይህ ዝምታዋ ነው። እባክሽ እውነቱን ንገሪያት፤ ዝናቡ መንገድ ላይ አልያዘኝም፣ እሷን የሚያህል ጠበቃ ያሳፈርሁት ልብስ ሳጥፍ ነው፤ ስመጣም እሷን ለብቻዋ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ መርሳት ሳነብ አመሸሁ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ትርጉም የሌላቸው አጫጭር የቃል ቀለማትን በቃሉ እያጠና በምን ፍጥነት እንደሚጠፉበት በራሱ ላይ ለክቷል፤ ከግማሽ የሚበልጠው ገና በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ይጠፋ ነበር። ለአፍታ ያህል ይህንን ጠቅሼ ላስረዳሽ አሰብሁ። ወዲያው ግን አንቺ ትርጉም የሌለሽ ቀለም እንዳልሆንሽ ትዝ አለኝና ተውሁት። አንቺን አንድም ቀን ረስቼሽ አላውቅም፤ ሐሙስ ዕለት እንኳ «እግሯን ሌሊት ያሳክካት ይሆን?» ብዬ ሳስብ ነበር። የጠፋብኝ ቀጠሮው ነው፤ ስለ ሰው ማሰብና በተባለው ሰዓት በሩን ማንኳኳት ለካስ የተለያዩ ሥራዎች ኖረዋል፤ አንቺ ቅዳሜ የሚያስፈልግሽ ደግሞ ሁለተኛው ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ መስኮት ለምታይ ሰው፣ በልቤ እንዳለሽ ማወቁ የወንበሩን ባዶነት አይሞላውም።

እንግዲህ ፈቃድሽ ከሆነ በመጪው ቅዳሜ በ9 ሰዓት እመጣለሁ። የሚያመቸው ሌላ ቀን ከሆነም ምረጪና ንገሪኝ፤ ያልሽው ቀን የእኔም ቀን ነው። አዲሱን ማስታወሻ ሞልቻለሁ፤ እንዲህ ይላል፦ «ጓደኛሽ ቤት ሂጂ። እግሯ ተሰብሯል። ወንበር አዘጋጅታለች። ልብሱ ይዝነብበት።» ስልክ ሊጠፋ ይችላልና ይህንኑ በወረቀት ጽፌ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ከመቆለፊያው በላይ ለጥፌዋለሁ፤ አንዱን ቅጂ ደግሞ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቅየዋለሁ፤ የፊተኛው መሳሳት የተፈጸመው እዚያ ነውና። በዕለቱ ከቤት ስወጣ እደውልልሻለሁ፤ እስክደውል ድረስ ክራንችሽን እንዳታነሺ፣ ወንበርም እንዳትገፊ። ወንበሩን እኔው አመቻቸዋለሁ።

ስመጣ የመስኮቱን መጋረጃ፣ ከወደቅሽ ወዲህ አንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ የቀረውንና ዐይንሽን የበላውን፣ እሰቅልልሻለሁ። ከዚያ እስኪመሽ እቀመጣለሁ፤ የማክሰኞውን ወሬም ካቆምንበት፣ ጎረቤትሽ መሰላሉን ተውሶ ከሄደበት፣ እንቀጥላለን። መሰላሉ መመለሱን ሳላውቅ ይህን ያህል ቀን መቆየቴም ሌላው ቅጣቴ ነው።

ልጅሽ ጀሶሽ ላይ ዓሣና ፀሐይ እንደ ሣለች፣ በመካከላቸውም ለፊርማዬ ቦታ እንደ ተወችልኝ ነግረሽኝ ነበር። ቅዳሜ ስቀርባት ተናድዳ ሦስተኛ ሥዕል ካልሣለችበት፣ ያንን ቦታ እንድትጠብቅልኝ ለምኚልኝ። ድመቷን ግን አትቀስቅሻት፤ ወንበሩን በሕግ ይዛዋለች፤ እኔ ወለሉ ላይ፣ ከእግርሽ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ለመፈረምም እሱ ይቀርባል።

እስከ ቅዳሜ፣
የምትወድሽ ጓደኛሽ