ጉዳዩ፦ ለወ/ሪት ሰሚራ ይማም የስኮላርሺፕ ማመልከቻ የድጋፍ አስተያየት ስለመላክ

ለመራጭ ኮሚቴው አባላት

ወ/ሪት ሰሚራ ይማም በሻንጋይ ዶንግሁዋ ዩኒቨርሲቲ የጨርቃጨርቅ ኬሚስትሪ ለመማር ለቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከታቸውን ነግረውኝ አስተያየቴን እንድልክላችሁ ጠይቀውኛል። ኮምቦልቻ በሚገኘው ጨርቃጨርቅ ፋብሪካችን የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው በ2010 ዓ.ም. ከተቀጠሩ ጀምሮ የቅርብ አለቃቸው ነበርኩ።

አንድ ሰሞን ሰማያዊ ጨርቃችን ከባች ባች እየተለያየ አስቸገረን። የቀኑ ደመቅ፣ የሌሊቱ ገርጣ ይላል። እኔን ጨምሮ ሁላችንም በቀለሙ አሳበብን፤ ለአቅራቢው የቅሬታ ደብዳቤ ሁሉ አዘጋጅተን ነበር። ወ/ሪት ሰሚራ ግን ማንም ሳያዛቸው በየፈረቃው የውኃ ናሙና እየወሰዱ ሦስት ሳምንት ለኩ። ለካስ የሌሊት ፈረቃ የውኃ ማለስለሻውን ሶፍትነር በጨው ማደሱን እየዘለለው፣ ውኃው ውስጥ የቀረው ካልሲየምና ማግኒዥየም ቀለሙን እያበላሸው ኖሯል። ደብዳቤው ሳይላክ ቀረ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲደርስ እያንዳንዳችን ቤተሰባችንን ይዘን ወጣን። እሳቸው ወደ ደብረ ብርሃን ሲሸሹ የቀለም ሬሲፒ መዝገቡን ከልብሳቸው ጋር በዘንቢል ይዘውት ሄዱ። ስንመለስ የላብራቶሪው ኮምፒውተር የለም፤ ማቅለም የጀመርነው ከዚያ መዝገብ እየገለበጥን ነው። በማመልከቻቸው ውስጥ እንደማይጽፉት ስለማውቅ ነው እኔ የጻፍኩት።

ሊማሩ የፈለጉት ነገር ከየዕለት ሥራችን የመጣ ነው። ሪአክቲቭ ቀለም ጥጥ ላይ እንዲወጣ ብዙ ጨው ይፈልጋል፤ ከቀለሙም የተወሰነው ጨርቁን ሳይዝ ከውኃው ጋር ተዋህዶ ይፈሳል። ቀለሙን በማጣሪያ መቀነስ ይቻላል፤ የሟሟው ጨው ግን በተለመደው ማጣሪያ አይወጣም። የቦርከና ወንዝ ደግሞ ከእኛ በታች ለጨፋ ገበሬ መስኖ ነው። ወ/ሪት ሰሚራ ጨውን ቀንሶ ለማቅለም ከሥራ ሰዓት ውጭ በብርጭቆ ሞክረዋል፤ ፈዛዛ ቀለሞች ላይ ተሳክቶላቸዋል፣ ጥቁሩ አልሆነም። ከዚህ በላይ ለመሄድ የእኛ ላብራቶሪም የእኔ ዕውቀትም አይበቃም።

ጉድለታቸውን ብደብቅ አስተያየቴ ዋጋ ያጣል። ሪፖርታቸው ከመጠን በላይ አጭር ነው፤ ስብሰባ ላይ ያልተለካ ነገር ሲነገር ደግሞ ፊታቸው ይናገራል። የመጀመሪያው በትምህርት ይስተካከላል። ሁለተኛው ባይስተካከልም እኔ ቅር አይለኝም።

ሲሄዱ ክፍሌ እንደሚጎዳ አውቃለሁ። ያም ሆኖ ያለ ክፍያ ፈቃድ እንዲሰጣቸውና ቦታቸው እንዲጠበቅላቸው ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ።

ጥያቄ ካላችሁ በዚሁ ኢሜይል ብትጽፉልኝ እመልሳለሁ። መደወል ከፈለጋችሁ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ ጠዋት ማቅለሚያ ውስጥ ስልክ አይሰማም።

ከአክብሮት ጋር
ይመር አደም
የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ፣ ኮምቦልቻ