የ2019 አዲስ ዓመት የአፓርታማ ሽያጭ፦ ከነክፍያ ዝርዝሩ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ!

ጅማ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ላይ በምንሠራው ባለ 7 ፎቅ ሕንፃ ባለ 2 መኝታ ቤቶችን ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 30 እንሸጣለን። ሕንፃው አሁን 3ኛ ፎቅ ላይ ደርሷል።

አንዱ ቤት 80 ካሬ ነው። በሩን ዘግታችሁ የምትኖሩበት ግን 66 ካሬ ነው። ቀሪው የደረጃ፣ የኮሪደርና የሊፍት ድርሻችሁ ነው። ዋጋው የሚሰላው በ80ው ነው። ካሬው ቫትን ጨምሮ 75,000 ብር፣ ቤቱ በጠቅላላ 6,000,000 ብር።

«በ10 በመቶ የቤት ባለቤት ይሁኑ» አንልም። በ10 በመቶ፣ ማለትም በ600,000 ብር፣ የምትፈርሙት ውል ነው። በ3 ወር ውስጥ ሌላ 1,200,000 ብር ትከፍላላችሁ። ከዚያ ለ24 ወር በየወሩ 125,000 ብር። ቁልፍ ስትረከቡ ደግሞ የመጨረሻውን 1,200,000 ብር። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚረሳው ነውና ከአሁኑ አስቡበት። የባንክ ብድር አላመቻቸንም፤ ብድር መስጠትና መከልከል የባንኩ ፈንታ ነው።

ገንዘባችሁ ከቡና የሚመጣ ከሆነ ወርሃዊውን ትታችሁ በጥር 2020 1,500,000 ብር፣ በጥር 2021 ደግሞ ሌላ 1,500,000 ብር በመክፈል መጨረስ ትችላላችሁ። ጭማሪ የለውም።

«ያለ ወለድ» የሚለውን ቃልም አንጠቀምም። ሙሉውን በአንዴ ለሚከፍል 12 በመቶ እንቀንሳለን፤ 5,280,000 ብር ይከፍላል። በየወሩ የሚከፍል ሰው እንግዲህ ጊዜ ስለተሰጠው 720,000 ብር ይበልጥ እየከፈለ ነው፣ ስሙን ምንም ብንለው። የበዓሉ ስጦታም እዚሁ ላይ ነው፤ በሌላ ጊዜ የምንቀንሰው 7 በመቶ ነበር። በየወሩ ለሚከፍሉ የዋጋ ቅናሽ የለም። ለበዓል ብለን ዋጋ ሰቅለን መልሰን አላወረድንም።

ከተፈረመ በኋላ ዶላርም ሲሚንቶም ቢወደድ ዋጋው አይነካም። የኪችን ካቢኔት፣ ቁም ሳጥን፣ የመብራት ቆጣሪና የስም ማዛወሪያ ወጪ ግን በዋጋው ውስጥ የሉም።

ርክክቡ የካቲት 2021 ነው። የጅማ ክረምት ረጅም መሆኑን እናውቃለን፤ ዝናቡን አስበን ነው ቀን የቆረጥነው፣ ስለዚህ ዝናብ ሰበብ አይሆነንም። ከዘገየን በየወሩ 20,000 ብር ለቤት ኪራይ እንከፍላችኋለን። እናንተ ወርሃዊ ክፍያ ካዘገያችሁ ከ15 ቀን በኋላ ባዘገያችሁት ላይ በወር 1 በመቶ ቅጣት አለ። ውሉን ካፈረሳችሁ 300,000 ብር ቀንሰን ቀሪውን በ60 ቀን እንመልሳለን።

ቢሮአችን ሕንፃው ሥር ነው። ውሉን ሳትከፍሉ ቤታችሁ ወስዳችሁ፣ ለሚያውቅ ሰው አሳይታችሁ፣ በ7 ቀን ውስጥ መመለስ ትችላላችሁ። ይህን ወረቀት ያዙት። ከውሉ ጋር የማይገጥም ነገር ካገኛችሁበት ለእናንተ የሚሻለው ይጸናል፤ ይህም ውሉ ላይ ተጽፏል።